ሦስት ጣሳ ኢነርጂ፣ 128 የልብ ምት፦ ልቤ ተጎድቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 21 ነው። ለፋይናል ስቸክል ባደርኩበት ሌሊት ሦስት ትልልቅ ጣሳ ኢነርጂ ጠጣሁ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ። ወደ 12 ሰዓት ግድም ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ የምሞት ነው የመሰለኝ። የዶርም ልጆች ያረክሰዋል ብለው ወተት አጠጡኝ፣ አልበረደም። የግቢ ክሊኒክ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልኝ። የልብ ምቴ 128 ነበር። ኢሲጂ ተነሣሁ፣ ‹ፖታሲየምህ ትንሽ ዝቅ ብሏል› አሉኝ፣ ግሉኮስ ተደርጎልኝ ከሰዓት ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ‹ሳይነስ ታኪካርዲያ› ይላል። ከዚህ በፊት ሁለት እየጠጣሁ ብዙ ጊዜ አድሬአለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም። ያሁኑ ባዶ ሆዴን ስለጠጣሁ ነው ወይስ የልብ በሽታ አለብኝ? ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ለታይፎይድ ሲፕሮ እየወሰድኩ ስለነበር አቅም አንሶኝ ይሆናል። ለሚቀጥለው ፈተና አንድ ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል ይዘህ ግባ ብሎኛል፣ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ወረቀትህ ላይ የሰፈረው የበሽታ ስም አይደለም። የልብ ምት ትእዛዝ የሚነሣው በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ካለች ትንሽ ቦታ ነው። ያን ቀን ጠዋትም ትእዛዙ የተነሣው ከዚያው ነው፣ የሄደበትም መንገድ ትክክለኛው ነው። ከልክ ያለፈው ፍጥነቱ ብቻ ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ወጥተህ ወዲያው ኢሲጂ ብትነሣ ያው ጽሑፍ ሊወጣልህ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚነግርህ አንድ ነገር ልብህን ሲገፋው እንደነበረ ነው፤ የገፋው ምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። እሱን የሚነግረን አንተ በጥያቄህ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሣኸው ሲፕሮ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ባዶ ሆድን እናንሣ። ምግብ ካፌይን ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ጥቂት ያዘገየዋል እንጂ መጠኑን አይቀንሰውም። የጠጣኸው ካፌይን ከሞላ ጎደል በሙሉ ደምህ ውስጥ ይገባል፣ አብዛኛውም አንድ ሰዓት ሳይሞላው። ጠግበህ እንጀራ በልተህ ብትጠጣ ኖሮ ምናልባት መንቀጥቀጡ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ወተቱም እንዲሁ ነው፤ ወተት ካፌይንን አያረክስም፣ ደም ውስጥ የገባውንም መልሶ አያወጣም። ይባስ ብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር ሲወሰድ በወተቱ ካልሲየም ስለሚያዝ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። የጠዋቱን ክኒን በዚያ ወተት ውጠኸው ከነበረ ልጆቹ መድኃኒትህን ነው ያረከሱት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ የምህንድስና ተማሪ ነህና አይከብድህም። ትልቁ ጣሳ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በብዙዎቹ ጣሳዎች ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል በ100 ሚሊ ሊትር 32 ሚሊ ግራም ካፌይን የሚል ታገኛለህ፤ ስለዚህ አንዱ ትልቅ ጣሳ 160 ሚሊ ግራም ነው። ሁሉም መጠጥ እኩል ስላልሆነ የያዝከውን ጣሳ ራሱን አንብብ። ጤነኛ የሆነ፣ የማያጨስ አዋቂ ሰው ጉበት ደም ውስጥ የገባውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የቀረውን ግማሽ ለማጋመስ ደግሞ ሌላ 5 ሰዓት።

በዚህ መሠረት የምሽቱ 1 ሰዓት ጣሳ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 80፣ 11 ሰዓት ላይ 40 ሚሊ ግራም ይቀረዋል። የ6 ሰዓቱ ጣሳ 11 ሰዓት ላይ 80 ይቀረዋል። በዚህ ላይ ሦስተኛውን 160 ስትጨምርበት በደምህ ውስጥ 280 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን ውስጥ በጠቅላላው እስከ 400 ሚሊ ግራም አያሳስብም ብሏል። አንተ በአንድ ሌሊት 480 ጠጥተሃል፤ ሦስተኛውን ስትከፍት ደግሞ የፊተኞቹ ገና አላለቁም ነበር። ሁለት እየጠጣህ ምንም ሳትሆን ያደርክባቸው ሌሊቶች በዚህ ይገባሃል። ያኔ ልብህ ጠንካራ ስለነበረ አይደለም፣ ድምሩ ከዚህ መስመር በታች ስለነበረ ነው። ቡና ጠጥተህ ከነበረ ይህ ሁሉ ከላዩ ላይ ይጨመራል፤ በጀበና የተፈላ ቡና አንዱ ሲኒ ከሌላው በጣም ስለሚለያይ ቁጥር አልሰጥህም።

ሲፕሮ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ካፌይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ያግደዋል። መድኃኒቱ አላዳከመህም። ያደረገው የካፌይኑን መውጫ በር ማጥበብ ነው። መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ግን ለምሳሌ ያህል የመጋመሻው ጊዜ ከ5 ወደ 10 ሰዓት ረዝሟል እንበል። የመጀመሪያው ጣሳ 11 ሰዓት ላይ 40 ሳይሆን 80 ይቀረዋል፣ ሁለተኛው 80 ሳይሆን 113። ከሦስተኛው ጋር ድምሩ ከ350 ያልፋል። ከዓርብ ጀምሮ በየቀኑ ካፌይን እየጠጣህ ከነበረ ደግሞ ሌሊቱን ከዜሮ አልጀመርከውም፤ የቀደሙት ቀናት ትርፍ ከሥር ነበረ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ተማሪ ልብ ይበለው። ፈተና ሲደርስ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ይመጣል፤ የግቢ ሰው ወዲያው «ታይፎይድ ነው» ይላል፤ በአንድ የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ሲፕሮ ይገዛል። ያ የዊዳል ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን ለማረጋገጥ ደካማ ነው፤ ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር ጤነኛ ሰውም ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስንቱ ተማሪ ሳይቸግረው ሲፕሮ እየዋጠ ኢነርጂ እንደሚጠጣ ሳስብ ያንተ ዓይነት ጠዋት ለምን ብዙ እንዳልሆነ ይገርመኛል። በሐኪም የታዘዘልህ ከሆነ ግን መድኃኒቱን በራስህ አታቋርጥ፤ ማቆም ያለብህ ካፌይኑን ነው። ሲፕሮውን ከጨረስክ በኋላም ሁለት ቀን ታገሥ።

ካፌይን ልብን እንዴት እንደሚያፈጥን ማወቅህ ለሚቀጥለው ምክር ይጠቅምሃል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን እሱ ነው፣ ልብንም ያረጋጋል። ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል። ባለ ወንበሩ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ በየሰዓቱም ቁጥሩ እየበዛ ነው። ለዚህ ነው ኢነርጂ ድካምን የማያጠፋው፤ እንዳይሰማህ ብቻ ነው የሚያደርገው። በዚያ ላይ ሰውነት አድሬናሊን እንዲረጭ ይገፋፋል። የእጅህ መንቀጥቀጥ፣ ላቡና 128ቱ የመጣው ከዚያ ነው። ሌሊቱን አለመተኛትህና የፈተናው ፍርሃትም ያንኑ አድሬናሊን ይጨምራሉ፤ ልብህ ሲመታ ደንግጠህ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ደግሞ ጣቶችህ ይደነዝዛሉ። ሞት የመጣ የመሰለህ እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ድንጋጤው የውሸት አልነበረም፣ ግን ድንጋጤው ራሱ ልብህን እንደገና አፍጥኖታል።

ፖታሲየሙም የዚሁ ጉዳይ ተከታይ ነው። ካፌይንና አድሬናሊን ሲበዙ ፖታሲየም ከደም ወጥቶ ወደ ሴሎች ውስጥ ይገባል፤ ከሰውነትህ አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ስለዚህ ትንሽ ዝቅ ያለው ብዙ ጊዜ ካፌይኑ ሲወጣ በራሱ ይመለሳል። ግሉኮሱን በተመለከተ ግን ሐቁን ልንገርህ፤ ያዳነህ እሱ አይደለም። ስኳር ሲገባ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ፖታሲየምን ይበልጥ ወደ ሴል ይገፋል። አንተ ደግሞ በጣሳዎቹ ውስጥ ስኳር አልጎደለብህም፤ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር ያለው ትልቅ ጣሳ 55 ግራም ነው፣ ሦስቱ 165 ግራም። ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ የማይመስለው ታካሚ ብዙ ስለሆነ ባልደረቦቼን ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ግን የፈወሰህ ጊዜ ነው፤ አልጋ ላይ የተኛህባቸው ሰዓታት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ልብህ ጤነኛ ነው ብሎ ከመነሣት ነው። ይህ ግን መረጋገጥ አለበት፣ አንድ ኢሲጂም ሙሉ በሙሉ አያረጋግጠውም። ያን ጠዋት የተነሣኸው ኢሲጂ በዚያች ደቂቃ የነበረውን ነው የሚያሳየው። ምናልባት 12 ሰዓት ላይ፣ ዶርም ውስጥ፣ የነበረው ምት ሌላ ዓይነት ሆኖ ሆስፒታል እስክትደርስ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ታካሚዬን «እስቲ ልብህ ሲመታ የነበረውን በጣትህ ጠረጴዛው ላይ ምታልኝ» የምለው። አንተም ሞክረው። ቀስ በቀስ እየፈጠነ መጥቶ ቀስ በቀስ ከቀዘቀዘ፣ ምቱም እኩል እኩል ከሆነ፣ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት በቅጽበት ጀምሮ በቅጽበት ካቆመ፣ ወይም ጣትህ አንዱን ምት ከሌላው ጋር ማመጣጠን ካቃተው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። በቅጽበት የሚነሣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ150 በላይ ይመታል፤ አንዳንድ ወጣት ከውልደቱ በልቡ ውስጥ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ኖሮት ካፌይን ቀስቅሶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ልቡ በተረጋጋ ጊዜ ኢሲጂ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይታያል፤ ረጅሙ ሞገድ ከመነሣቱ በፊት እንደ ኮረብታ ተረተር ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው የማስበው ነገር ካፌይን ብቻውን የማይገልጸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 18 ጤነኛ ወጣቶችን አንድ ሊትር ለመሙላት ትንሽ የቀረው ኢነርጂ ድሪንክና እኩል መጠን ያለው ካፌይን በተለያየ ቀን እያጠጣ አነጻጽሮ ነበር። ከኢነርጂው ሁለት ሰዓት በኋላ ልብ በየምቱ መካከል ራሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ እኛ ኪውቲ የምንለው፣ ከካፌይኑ ጋር ሲነጻጸር በ10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ረዝሟል። ለብዙ ሰው ይህች ምንም አታመጣም። ከውልደቱ ኪውቲው ረጅም ለሆነ ሰው ግን አደገኛ ናት። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ኪውቲን ከሚያረዝሙ መድኃኒቶች ይቆጠራል፤ የፖታሲየም ማነስም ያንኑ ያደርጋል። ሦስቱ በአንድ ሌሊት አንተ ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ ሐኪምህን «ኪውቲዬ ስንት ነው?» ብለህ መጠየቅ መብትህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ልብ በፍጥነት ሲመታ የተለካ ኪውቲ ስለሚያሳስት ግን የሚታመነው በእረፍት ጊዜ የሚነሣው ነው።

ሦስተኛው በአገራችን በወጣቶች ላይ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ነው። በልጅነት ደጋግሞ የሚያምም ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ሲቀር የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል፤ ባለቤቱ ለዓመታት ላያውቀው ይችላል። ከልብ በሮች አንዱ የጠበበበት ሰው በተረጋጋ ጊዜ ደህና ይመስላል። ምቱ ሲፈጥን ግን ደሙ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ያጣል፣ ወደ ሳንባም ይመለሳል። ሕፃን ሳለህ ከቶንሲል በኋላ ጉልበትህ ወይም ክርንህ አብጦ፣ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዞረ ከነበረ እናትህን ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ እናቶች ያስታውሱታል። ደረጃ ስትወጣ ከእኩዮችህ ቀድመህ ትንፋሽ የሚያጥርህ ከሆነም ተናገር። ሐኪሙ በማዳመጫው የተለየ ድምፅ ከሰማ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ያዝልሃል። ካልሰማ፣ ታሪክህም ንጹሕ ከሆነ፣ ኢኮ አያስፈልግህም፤ ለማረጋገጥ እያልክ ገንዘብህን አታባክን። አንገትህ ላይ እንቅርት ካለ፣ ወይም ካፌይን ሳትጠጣም ልብህ ከ100 በላይ የሚመታ ከሆነ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ይጨመር።

ወደ ፕሮፕራኖሎሉ ልምጣ። መልሴ አይሆንም ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያረጋጋል፤ ጓደኛህ ይህን በማለቱ አልተሳሳተም። ነገር ግን አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፣ አንዳንዱም አስም እንዳለበት አያውቅም፤ «ብርድ ሲመታኝ ደረቴ ያፏጫል» ብሎ ያልፈዋል። የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንድ ሰውንም ያደነዝዛል፤ ፈተና ላይ ይህን አትፈልገውም። ከሁሉም የከፋው ግን አንድ እግርህን ነዳጁ ላይ አንዱን ፍሬኑ ላይ አድርገህ መንዳትህ ነው። ምልክቱን ስለሚሸፍንልህ አራተኛውን ጣሳ ትከፍታለህ።

ጫት አልጠቀስክም። ሳትቅም ቀርተህ ከሆነ መልካም፤ ቅመህ ሳትነግረን ቀርተህ ከሆነ ግን አሁን ንገር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምርቃናውን ለማርዘም ከላዩ ኢነርጂ የሚጠጣ ሰው ሁለት አነቃቂዎችን አንድ ላይ እየጫነ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ይህን የምትደብቅ ከሆነ የምናገኘው ምክንያት ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ማንም ለግቢው አይነግርብህም።

አሁን የምመክርህን በቁርጥ ልናገር። ሲፕሮውን ጨርሰህ፣ ሁለት ሌሊት በደንብ ተኝተህ፣ ካፌይን ባልጠጣህበት ጠዋት ወደ ሐኪም ሂድ። ሦስት ነገር ይደረግልህ፦ በማዳመጫ ልብህ ይደመጥ፣ ኢሲጂ በእረፍት እንደገና ይነሣ፣ ፖታሲየሙ ይደገም። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ልብህ አልተጎዳም፤ ያን ሌሊት የጠጣኸው ጠባሳ ትቶ አልሄደም። እስከዚያ ግን አንድም ጣሳ አይነካ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ትልቁን ጣሳ ተወው። ካስፈለገህ 250 ሚሊ ሊትሩን ትንሽ ጣሳ፣ 80 ሚሊ ግራም ያለውን፣ በቀን አንድ ብቻ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጠጣ። ሰዓቱን የወሰንኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመተኛት 6 ሰዓት በፊት ተወስዶ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ታይቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይሂድ። በየቀኑ ኢነርጂ ወይም ቡና የምትጠጣ ከሆነ በፈተናው ዋዜማ ድንገት አታቁም። ካፌይን ያቋረጠ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያምመዋል፣ ይነጫነጫል፣ አእምሮው ይደነዝዛል፤ ሕመሙ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይበረታል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ከፈተናው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ መጠኑን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀንስ። የለመድከው አንድ ሲኒ የጠዋት ቡና ከሆነ አትተወው፤ እኔም የምጠላው ቡናን አይደለም፣ ሌሊት በጣሳ የሚጠጣውን ነው።

ልብህ እንደገና ቢፈጥን ቁጭ በል፣ የእጅ አንጓህን ይዘህ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ በሁለት አባዛ። በ100ና በ130 መካከል ከሆነ፣ እኩል እኩል የሚመታ ከሆነ፣ ደረትህንም ካላመመህ፣ ውኃ ጠጣ፣ በዝግታ ተንፍስ፣ ሰው አጠገብህ ይሁን፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ይቀንሳል። ዝም ብለህ ተቀምጠህ ከ150 ካለፈ፣ ምቱ ከተዘበራረቀ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም ልትስት ከደረስክ፣ ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወይም ደጋግመህ ካስመለሰህ ወተትም ሌላም አትጠብቅ፣ ሆስፒታል ሂድ። ከቤተሰብህ በወጣትነቱ ድንገት ወድቆ የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ቁጥሩን ሳትጠብቅ ሂድ።

እዚያ ስትደርስ በመጀመሪያ የጠጣኸውን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ተናገር፣ ቢቻል ጣሳውን ያዝ፣ የምትወስደውንም መድኃኒት በሙሉ ቁጠር። ይህ ለወግ አይደለም። በቅጽበት የሚነሣውን የምት መዛባት ለማቆም በደም ሥር ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ያው አዴኖሲን ነው፤ ካፌይን ወንበሩን ይዞት ከሆነ የተለመደው መጠን ላይሠራ ይችላል፣ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ሲመራመር ጊዜ ይባክናል።

ያመለጠህን ፈተና በተመለከተ፣ የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ ቀንና ሰዓት የያዘውን አስጽፈህ ለትምህርት ክፍልህ በቶሎ አስገባ፤ የዩኒቨርሲቲዎች ደንብ ይለያያል፣ ሲዘገይ ግን በየትም ቦታ ይከብዳል። የኢሲጂ ወረቀቱን ደግሞ ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ብዙ ማሽኖች የሚያትሙት በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ በጊዜ ሂደት ይደበዝዛል፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር የሚያነጻጽር ሐኪም ግን ሁለቱንም ይፈልጋል።